የውጭ ማመልከቻ ስትሞሉ ትራንስክሪፕታችሁን እንዴት እንደምታነቡ፦ ግሬድ፣ ክሬዲትና ሲጂፒኤ

ሱቄ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ናት። ሥራዬ ፎቶ ኮፒ፣ ስካንና ኦንላይን ፎርም መሙላት ነው። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚመጡ ምሩቃን ስልካቸውን ይዘው ይገቡና ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፦ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጂፒኤ ይላል፣ ስኬል ይላል፣ ክሬዲት ይላል፤ ምን ብዬ ልሙላ?» ለእያንዳንዱ ሰው እየደጋገምኩ ከማስረዳ በአንድ ቦታ ጽፌዋለሁ።

ምሳሌዬ በቅርቡ የመጣች የአካውንቲንግ ምሩቅ ናት። ለማስተርስ ወደ አሜሪካም ወደ ጀርመንም ልታመለክት ነበር። የትራንስክሪፕቷ የመጨረሻ መስመር ሲጂፒኤ 3.30፣ ጠቅላላ 240 ኢሲቲኤስ ይላል። ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ተቀምጠን ነው የጨረስነው፤ እናንተ ይህንን ይዛችሁ ከሠራችሁ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ትጨርሳላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የትራንስክሪፕቱ የፊትም የጀርባም ገጽ። ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ፎቶ አንስቶ ይመጣል፤ የግሬድ ማብራሪያው ግን ብዙ ጊዜ ያለው ጀርባው ላይ ነው።
- የዲፓርትመንታችሁ ካሪኩለም ወይም የኮርስ ዝርዝር። እያንዳንዱ ኮርስ ስንት ክሬዲት ሃወርና ስንት ኢሲቲኤስ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።
- ኤክሴል ያለው ኮምፒውተር፤ ከሌለ ካልኩሌተር፣ ወረቀትና እርሳስ።
- የምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ስለ ውጭ አገር ትራንስክሪፕት የጻፈው ገጽ፣ ተከፍቶ።

1. መጀመሪያ የግሬድ ማብራሪያውን ፈልጋችሁ ለብቻው ገልብጡት

ማብራሪያው እያንዳንዱ ፊደል ስንት ነጥብ እንዳለው የሚናገር ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው ይህ ነው፦

```
A+ 4.00   A  4.00   A- 3.75
B+ 3.50   B  3.00   B- 2.75
C+ 2.50   C  2.00   C- 1.75
D  1.00   Fx 0      F  0
```

ይህ እርምጃ የሚቀድመው በምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት ስኬል ኤ ማይነስን 3.7፣ ቢ ፕላስን 3.3፣ ቢ ማይነስን 2.7፣ ሲ ፕላስን 2.3 ብሎ ይቆጥራል። ፊደሉ አንድ ሆኖ ነጥቡ ይለያያል ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት የጂፒኤ ማስያ የሚያውቀው የነሱን ነጥብ ስለሆነ የእናንተን ፊደል ስታስገቡበት ውጤታችሁ ይወርዳል። ልጅቷም መጀመሪያ ያደረገችው ይህንኑ ነበር፤ ሬጅስትራሩ የተሳሳተ መስሏት ደንግጣ ነው የመጣችው።

ፊደሉ ከመቶ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነም ካለ አብራችሁ ገልብጡ። የነጥቡ ዋጋ ተመሳሳይ ሆኖ የመቶኛው ወሰን ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ሊለያይ ይችላል፤ ኤ በአንዱ ከ83 ሲጀምር በሌላው ከ85 ይጀምራል። ስለዚህ የጓደኛችሁን ሰንጠረዥ አትዋሱ፤ የራሳችሁን ተጠቀሙ።

2. የክሬዲቱን ዓምድ ርዕስ አንብቡ

ዓምዱ ላይ `Cr.Hr` ወይም `ECTS` ወይም ሁለቱም ተጽፎ ይሆናል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። ክሬዲት ሃወር በዋናነት በሳምንት ክፍል ውስጥ የምትማሩትን ሰዓት ይከተላል። ኢሲቲኤስ ደግሞ ክፍሉን፣ ቤት የምታጠኑትን፣ አሳይመንቱንና ፈተናውን ጨምሮ የተማሪውን ጠቅላላ የሥራ ጊዜ ይቆጥራል። በኢሲቲኤስ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የአንድ ዓመት ጭነት 60 ነው፤ የአራት ዓመት ዲግሪ 240 የሚሆነውም ለዚህ ነው።

በአገራችን ባለ ሦስት ክሬዲት ሃወር ኮርስ ብዙውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ነው። «እንግዲያው ሁሉንም በዚሁ ላባዛው» አትበሉ። ላብራቶሪ፣ ፕሮጀክትና የተግባር ልምምድ ያለባቸው ኮርሶች ይህንን ስሌት አይከተሉም። ትራንስክሪፕታችሁ ላይ አንዱ ብቻ ካለና ሌላው ከተጠየቃችሁ ቁጥሩን ከካሪኩለሙ ውሰዱ፤ ካሪኩለሙን ዲፓርትመንቱ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ይሰጣችኋል።

ይህ የሚያስፈልገው ለምሳሌ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ «በዚህ የትምህርት ዘርፍ ቢያንስ ይህን ያህል ኢሲቲኤስ» የሚል መስፈርት ስለሚያወጡ ነው። የአሜሪካ ፎርም ላይ ግን `Credits` በሚለው ቦታ 240 ብላችሁ ብቻ ከሞላችሁ፣ እዚያ የባችለር ዲግሪ ወደ 120 ክሬዲት ስለሆነ አንባቢው ግራ ይጋባል። የመለኪያውን ስም መጻፊያ ቦታ ካለ ኢሲቲኤስ መሆኑን ጻፉ።

3. አንድ ሴሚስተር በእጃችሁ አስሉ

ዓላማው አዲስ ውጤት ማውጣት አይደለም። ማብራሪያውንና ክሬዲቱን በትክክል እንዳነበባችሁ የምታረጋግጡት በዚህ ነው፤ ያወጣችሁት ቁጥር ከታተመው ጋር ከገጠመ አንብባችሁታል። የልጅቷን አንድ ሴሚስተር እዩ፦

```
Course               ECTS  Grade  Point  ECTS x Point
Intermediate Acct. I   7     B    3.00      21.00
Cost Accounting I      5     A-   3.75      18.75
Financial Management   5     B+   3.50      17.50
Statistics             5     C+   2.50      12.50
Business Law           5     B-   2.75      13.75
Computer Applications  3     A    4.00      12.00
Total                 30                    95.50
```

95.50 ለ30 ሲካፈል 3.18 ይመጣል። ትራንስክሪፕቷ ላይም በዚያ ሴሚስተር `SGPA` ሥር የታተመው 3.18 ነው፤ ገጠመ።

ኤክሴል ላይ ክሬዲቱን በ B ዓምድ፣ ነጥቡን በ D ዓምድ ካስገባችሁ አንድ መስመር ይበቃል፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B7,D2:D7)/SUM(B2:B7)
```

ካልገጠመ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ክሬዲቱን ነው። እነዚሁን ስድስት ኮርሶች በክሬዲት ሃወር (4፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 2) ብታሰሏቸው 57.50 ለ18 ይሆንና 3.19 ይመጣል። ልዩነቱ አንድ መቶኛ ብቻ ብትሆንም ሬጅስትራሩ በየትኛው መለኪያ እንዳሰላ ትነግራችኋለች። ሁለቱም ዓምዶች ታትመው ከሆነ በሁለቱም ሞክሩና የገጠመውን ያዙ።

ነጥቡን በአሜሪካው ስኬል ብትቀይሩት ደግሞ ድምሩ 93.00 ይሆንና ለ30 ሲካፈል 3.10 ይወጣል። ያች ልጅ ያስደነገጣት ይህ ነበር፤ ከ3.18 ወደ 3.10 የወረደው ማንም ተሳስቶ ሳይሆን ስኬሉ ስለተለየ ነው።

4. ድምሩን በነጥብ ሂዱ፣ በአማካይ አትሂዱ

`CGPA` የሴሚስተሮች አማካይ አይደለም። የሁሉም ሴሚስተር ነጥብ ድምር ለሁሉም ክሬዲት ድምር ሲካፈል ነው።

ልጅቷ በሌላ ሴሚስተር 20 ኢሲቲኤስ ብቻ ወስዳ 3.60 አምጥታለች። ነጥቡ 20 ሲባዛ በ3.60፣ ማለትም 72 ነው። ከመጀመሪያው ጋር ሲደመር 167.50፣ ክሬዲቱ 50፤ ሲካፈል 3.35 ይመጣል። እሷ ግን 3.18ንና 3.60ን ደምራ ለሁለት አካፍላ 3.39 ብላ ጽፋ ነበር። ቀላሉ ሴሚስተር ከከባዱ እኩል ስለተቆጠረ ነው ከፍ ያለው። ፎርም ላይ የሚሞላው ቁጥር ከትራንስክሪፕቱ ከበለጠ፣ በቅን ልቦና የተሠራ ስህተት ቢሆንም ለሚያየው ሰው ማጋነን ይመስላል።

5. ያልተለመዱ መስመሮችን ፈልጉ

የሁሉንም ኮርስ ክሬዲት ደምሩና ከታተመው ጠቅላላ ጋር አነጻጽሩ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያመልጠው ይህ ነው።

ልጅቷ ስትደምር 245 መጣላት፤ የታተመው 240 ነው። አምስት ትርፍ። ከላይ ጀምረን መስመር በመስመር በጣታችን ወረድን። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ ኤፍ አምጥታ ነበር፤ በዓመቱ ደግማ ቢ አግኝታለች። ሬጅስትራሩ ሲጂፒኤውን ሲያሰላ የኋለኛውን ብቻ ቆጥሯል፣ የመጀመሪያውን መስመር ግን ከትራንስክሪፕቱ አላጠፋም።

ለምን ማወቅ እንዳለባችሁ በቁጥር ላሳያችሁ። የታተመው 3.30 ማለት 792 ነጥብ ለ240 ነው። የሚገመግማችሁ አካል ሁለቱንም ሙከራ የሚቆጥር ከሆነ ኤፉ ነጥብ አይጨምርም፣ ክሬዲት ግን ይጨምራል፤ 792 ለ245 ሲካፈል 3.23 ይሆናል። በ3.25 ለሚቆርጥ ፕሮግራም ይህ ልዩነት ያስገባል ወይም ያስቀራል። ስለዚህ የተደገመ ኮርስ ካላችሁ ከማመልከታችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ፤ የተደገመ ኮርስ እንዴት እንደሚቆጥሩ በሁለት መስመር መጠየቅ ይበቃል።

ሌሎቹን በአጭሩ፦

- `P` ማለፍን ብቻ ይገልጻል፤ ነጥብ ስለሌለው ከስሌቱ ውጭ ነው። በመጀመሪያ ዓመት የምትወስዱት ፊዚካል ፊትነስ ለዚህ ምሳሌ ነው። እንደ ኤ አትቁጠሩት፣ እንደ ዜሮም አትቁጠሩት።
- `NG` እና `I` ያልተጠናቀቀ ውጤት ናቸው። ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ዛሬም ካሉ ከማመልከቻው በፊት መምህሩና ሬጅስትራሩ ጋ ሂዳችሁ ጨርሱት።
- የመውጫ ፈተና ውጤት ከጂፒኤ ጋር አይቀላቀልም።

6. ፎርሙን እንደታተመው ሙሉ

`GPA` በሚለው ቦታ 3.30፣ `GPA Scale` በሚለው ቦታ 4.0። በቃ። ኤ ፕላስ አለኝ ብላችሁ 4.3 የሚለውን ስኬል አትምረጡ፤ በእኛ ኤ ፕላስም 4.0 ነው፣ ጣሪያው ከዚያ አያልፍም። 4.3ን ከመረጣችሁ የራሳችሁን 3.30 ከትልቅ ጣሪያ በታች አስቀምጣችሁ ታሳንሱታላችሁ።

ፎርሙ መቶኛ ከጠየቀ 3.30ን ለ4 አካፍላችሁ 82.5 አትበሉ። ለምን እንደማይሠራ ቢ ፕላስን ውሰዱ፦ ነጥቡ 3.50 ነው፣ ለ4 ሲካፈል 87.5 ይመጣል። በተለመደው የእኛ ማብራሪያ ግን ቢ ፕላስ ከ75 እስከ 80 ያለው ውጤት ነው። መቶኛችሁ ትራንስክሪፕቱ ላይ ከሌለ ቦታውን ባዶ መተው ይቻል እንደሆነ እዩ፤ ግዴታ ከሆነ ተቋሙን ጠይቁ። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጻፍበት ሣጥን ካለ የግሬድ ማብራሪያው በትራንስክሪፕቱ ጀርባ እንዳለ ጻፉ፤ ጀርባውንም ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፋይል አያይዙ።

ወደ ሌላ ስኬል መቀየር የተቀባዩ ሥራ ነው። ተቋሙ እንደ ደብሊው ኢ ኤስ ባለ ገምጋሚ በኩል እንድታልፉ ከጠየቀ የትኛውን ዓይነት ሪፖርት እንደሚፈልግ አረጋግጡ። አንደኛው ዲግሪያችሁ ከምን ጋር እንደሚመጣጠን ብቻ ይናገራል፤ `course-by-course` የሚባለው ኮርስ በኮርስ ዘርዝሮ ጂፒኤም ያወጣል። ያልሆነውን ከገዛችሁ ድጋሚ መክፈል ይመጣል።

7. ለጀርመን ብቻ፦ ቁጥሩ ይገለበጣል

በጀርመን 1.0 ከሁሉም የበለጠ፣ 4.0 ደግሞ የመጨረሻው ማለፊያ ነው። የእኛ 3.30 ያለ ስኬሉ ብቻውን ቢነበብ እዚያ ደካማ ውጤት ይመስላል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ቀመር ይህ ነው፦

```
x = 1 + 3 × (Nmax − Nd) / (Nmax − Nmin)
```

`Nmax` ከፍተኛው ሊገኝ የሚችል ውጤት ነው፤ የእኛ 4.00። `Nmin` ዝቅተኛው ማለፊያ ነው፤ ለመመረቅ የሚያስፈልገው ሲጂፒኤ 2.00። `Nd` የእናንተ ውጤት ነው። ለልጅቷ ስናስገባ፦

```
1 + 3 × (4.00 − 3.30) / (4.00 − 2.00) = 2.05
```

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት `Nmin` ላይ ነው። አንድ ኮርስ በዲ ስለሚታለፍ 1.00ን ያስገባሉ፤ ያኔ 1.70 ይወጣና ደስ ይላቸዋል። ቀመሩ ግን የዲግሪውን አጠቃላይ ውጤት ስለሚለካ የሚፈልገው የመመረቂያውን ዝቅተኛ ነው። ያወጣችሁት ቁጥር የሚጠቅመው «ቢያንስ 2.5» የሚል ፕሮግራም ውስጥ ትገቡ እንደሆነ አስቀድሞ ለመገመት ነው። ኦፊሴላዊውን ቁጥር የሚያወጣው ዩኒቨርሲቲው ወይም በሱ ስም የሚያጣራው ዩኒ አሲስት ነው። ፎርሙ የራሳችሁን አገር ውጤት ከጠየቀ 3.30 ነው የሚጻፈው።

8. ዓመተ ምሕረቱንና ኮፒውን አረጋግጡ

የትምህርት ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታትሞ ከሆነ ፎርሙ ላይ በፈረንጅ ሙሉት፤ የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 2021/22 ነው። ካልቀየራችሁት በእነሱ አቆጣጠር ገና ሳትጀምሩ የተመረቃችሁ ያስመስላል።

በእጃችሁ ያለው `Student Copy` ለመነሻ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኦፊሴላዊው ግን ከሬጅስትራሩ በቀጥታ ወይም በታሸገና ማኅተም ባረፈበት ፖስታ ነው የሚሄደው። ፖስታው እጃችሁ ከገባ አትክፈቱት፤ የተከፈተ ፖስታ ተቀባይነት ያጣል። ከሬጅስትራሩ ስትጠይቁ ኮስት ሼሪንግ ክፍያችሁ ምን ላይ እንዳለ አብራችሁ አጣሩ፤ ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው በዚህ የተያዙ ልጆች አይቻለሁ።

ማስጠንቀቂያ

ስካን ላይ ምንም ነገር አትንኩ። «ጋሼ፣ ይቺን ኤፍ አጥፉልኝ» የሚለኝ አለ፤ አላደርገውም፣ እናንተም ማንም እንዲያደርግላችሁ አትፍቀዱ። ተቀባዩ ኦፊሴላዊውን ከሬጅስትራሩ ያገኘዋል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያያል። ኤፍና ቢ አብረው ያሉበት ትራንስክሪፕት ደግሞ ያለፈ ተማሪ ነው የሚያሳየው፤ የተነካካ ስካን ግን ማመልከቻውን በሙሉ ያስጥላል።

ስሌታችሁ ከታተመው ጋር ካልገጠመና በክሬዲት መለኪያው፣ በተደገመ ኮርስና በ`P` ካረጋገጣችሁ በኋላም ልዩነቱ ከቀረ፣ ፎርሙ ላይ የራሳችሁን ቁጥር አትጻፉ። ወረቀቱን ይዛችሁ ሬጅስትራር ሂዱና የትኛው ኮርስ ላይ እንደሆነ አሳዩ። ስህተቱ የነሱ ከሆነ የተስተካከለ ትራንስክሪፕት ያወጣሉ፤ እስከዚያ ድረስ የሚሠራው የታተመው ነው።

ስትጨርሱ የምታዩት

ልጅቷ ከሱቁ ስትወጣ ወረቀቷ ላይ አራት መስመር ነበር፦ ሲጂፒኤ 3.30 ከ4.00፣ 240 ኢሲቲኤስ፣ አንድ የተደገመ ኮርስ (ተቋሙ ሁለቱንም ከቆጠረ 3.23)፣ ለጀርመን ግምት 2.05። ፎርሙን የሞላችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛውን ለአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ በኢሜይል ጠየቀች፤ አራተኛውን ደግሞ የትኞቹ የጀርመን ፕሮግራሞች ላይ ገንዘብና ጊዜ እንደምታወጣ ለመምረጥ ይዛው ሄደች።